ፍላክሱ 68π/3፣ የይዘት ኢንተግራሉ 56π/3፦ ልዩነቱ ከየት መጣ?

የማታ ተማሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የዳይቨርጀንስ ቲዎረምን በአንድ ዝግ ገጽ ላይ በሁለቱም በኩል አስልቼ እንዳረጋግጥ የተሰጠኝ ጥያቄ አለ። ሁለቱ መልሶች እኩል መሆን ሲገባቸው አልገናኝ ብለውኛል። የቬክተር መስኩ ይህ ነው፦

F = (xy², x²y, z + 1)

አካሉ ከላይ በፓራቦሎይዱ z = 4 − x² − y²፣ ከታች ደግሞ በ z = 0 የተወሰነ ነው። መሬት ላይ የተቀመጠ ጉልላት ይመስላል። የመሠረቱ ክብ ሬዲየስ 2 ነው።

መጀመሪያ ቀላሉን ሠራሁ። ዳይቨርጀንሱ y² + x² + 1 ስለሆነ በፖላር ኮኦርዲኔት r² + 1 ይሆናል። በእያንዳንዱ r ላይ ቁመቱ 4 − r² ነው፤ ስለዚህ

2π ∫₀² (r² + 1)(4 − r²) r dr = 2π (12 − 32/3 + 8) = 56π/3

ከዚያ ወደ ገጹ ሄድኩ። ለጉልላቱ ኖርማሉን (2x, 2y, 1) ወሰድኩና ከ F ጋር ሳባዛው 4x²y² + z + 1 መጣ። በ z ቦታ የፓራቦሎይዱን ቀመር ሳስገባ 4x²y² + 5 − r² ሆነ። የመጀመሪያው ክፍል r⁴ sin²2θ ስለሆነ ኢንተግራሉ 32π/3 ነው፤ ሁለተኛው 12π ይሰጣል። ድምሩ 68π/3።

ሁለቱንም ደጋግሜ አየኋቸው፤ የስሌት ስህተት አላገኘሁም። የትኛውን ልጠራጠር?

ሰማያዊ እርሳስ

ያሰላኸው የጉልላቱን ብቻ ነው፤ የታችኛውን ክብ አላካተትክም። ነገር ግን እሱ ለውጥ ያመጣል ብዬ አላስብም፤ ምክንያቱም እዚያ z = 0 ስለሆነ ወደ ታች የሚያልፍ ነገር የለም። እኔ የምጠራጠረው sin²2θን ነው። ከ 0 እስከ 2π ያለው ኢንተግራሉ π መሆኑን አረጋግጥ፤ ብዙ ሰው π/2 ይጽፋል።

የድሮ መምህር

የ sin²2θ ኢንተግራል π ነው፤ የማታ ተማሪ በትክክል ሠርቶታል። ሰማያዊ እርሳስ የጎደለውን ገጽ በማየቱ ልክ ነው፤ ዋጋው ዜሮ ነው ማለቱ ግን ልክ አይደለም። በታችኛው ክብ ላይ ዜሮ የሚሆነው z ነው። የመስኩ ሦስተኛ ክፍል ግን z ብቻ ሳይሆን z + 1 ነው፤ እዚያ 1 ይሆናል። በመሠረቱ ላይ ሁሉ መስኩ በ 1 መጠን ወደ ላይ፣ ማለትም ወደ አካሉ ውስጥ ይገባል።

ከአካሉ ወደ ውጭ የሚያመለክተው ኖርማል ከታች በኩል (0, 0, −1) ነው። ስለዚህ F·n = −1፣ የክቡ ስፋት 4π፣ ፍላክሱ −4π። አሁን ደምረው፦

68π/3 − 12π/3 = 56π/3

ሆኖም የስሌቱን ውጤት ከማየትህ በፊት ልዩነቱን ራሱን ብታየው መልሱን ይነግርህ ነበር። ሁለቱ ቁጥሮችህ የተለያዩት በ 12π/3፣ ማለትም በ 4π ነው። 4π ደግሞ የዚያ ክብ ስፋት ነው። ሁለት መልሶች ሳይገጥሙ ሲቀሩ ሰው ሁሉ ወደ ኢንተግራሎቹ ተመልሶ መስመር በመስመር ያነባል። እኔ መጀመሪያ አንዱን ከሌላው እቀንስና ቅሪቱ የምን ቅርጽ እንዳለው እጠይቃለሁ። ቅሪቱ ንጹህ የአንድ ገጽ ፍላክስ ከሆነ የተረሳ ገጽ አለ። የዚያ እጥፍ ከሆነ ገጹ አልተረሳም፤ በተገላቢጦሽ ምልክት ተደምሯል። አንተ መሠረቱን በ +4π ደምረህ ቢሆን ኖሮ 80π/3 ታገኝ ነበር፤ ልዩነቱም 8π ይሆን ነበር።

የማታ ተማሪ

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ቲዎረሙ ዝግ ገጽ እንደሚፈልግ አውቅ ነበር፤ ጥያቄው ላይ «በፓራቦሎይዱ እና በ z = 0» የሚለውን ሳነብ ግን z = 0ን እንደ ወሰን እንጂ እንደ ገጽ አላየሁትም።

አንድ ነገር ልጨምር። አብሮኝ የሚማር ልጅ ኖርማሉን (2x, 2y, 1) አድርጌ መውሰዴ ስህተት ነው ይላል፤ በርዝመቱ መካፈል አለበት ይላል። እኔ ሳልካፈል ትክክለኛው መልስ መጣ። እንዴት?

ግራ ቀኝ

ልጁ ልክ ነው። በቀመሩ ውስጥ ያለው n የአንድ አሃድ ርዝመት ያለው ቬክተር ነው። በ √(1 + 4r²) መካፈል ግዴታ ነው። መልሱ የገጠመው በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

የድሮ መምህር

በአጋጣሚ አይደለም። ግራ ቀኝ የጻፉት የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው፤ n አሃድ ቬክተር ነው። ነገር ግን ከጎኑ dS አለ፤ እሱም የጉልላቱ ቆዳ ስፋት እንጂ ከሥሩ ያለው የጠፍጣፋው ክብ ስፋት አይደለም። ቆዳው ያዘመመ ስለሆነ ከጥላው ይበልጣል። የሚበልጠው በስንት እጥፍ ነው ብትሉ፣ ልክ በ √(1 + 4r²) ነው። ኖርማሉ በዚህ ቁጥር ይካፈላል፣ ስፋቱ በዚሁ ቁጥር ይባዛል፤ ይጣፋሉ።

በቁጥር ለማየት ከጫፉ አጠገብ፣ r = 2 ላይ ቁሙ። እዚያ √(1 + 16) = √17፣ ወደ 4.12 ገደማ ነው። ጉልላቱ በዚያ በኩል በጣም ቁልቁል ስለሚወርድ የቆዳው አንድ ትንሽ ቁራጭ ከጥላው ከአራት እጥፍ በላይ ይሰፋል። በጉልላቱ አናት፣ r = 0 ላይ ግን ቆዳውና ጥላው እኩል ናቸው። አሃድ ኖርማልን ወስዶ ስፋቱን ግን የጥላውን ያደረገ ሰው ከጫፉ የሚወጣውን ፍሰት ከአራት እጥፍ በላይ አሳንሶ ይቆጥራል።

ይህ ስህተት ራሱን የሚያጋልጥበት መንገድም አለው። በመልሱ ውስጥ √17 ብቅ ካለ አንዱ ተካፍሎ ሌላው ሳይባዛ ቀርቷል ማለት ነው። የዚህ መስክ ክፍሎች ሁሉ ፖሊኖሚያል ናቸው፤ የይዘቱ ኢንተግራል ዳግም ዘር ሊያመጣ አይችልም። ስለዚህ ፍላክሱም አያመጣም።

ግራ ቀኝ

dSን ረስቼ አይደለም፤ የጻፍኩት ስለ n ነው። ቢሆንም ማብራሪያው ጥሩ ነው።

ዘገምተኛ

እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር፤ መልሴ ግን ከሁላችሁም የራቀ ነው። ገጹን በ r እና በ θ ጻፍኩት፦ (r cosθ, r sinθ, 4 − r²)። የሁለቱን ዴሪቬቲቮች ክሮስ ፕሮዳክት ሳሰላ (2r² cosθ, 2r² sinθ, r) መጣ። ከ F ጋር አባዝቼ፣ በፖላር ስለሆነ በ r dr dθ ኢንተግራል አደረግኩት። ለጉልላቱ ብቻ 3376π/105 አገኘሁ። 105 ከየት መጣ?

ሰንጠረዥ

105 የመጣው r ሁለት ጊዜ ስለገባ ነው። ክሮስ ፕሮዳክትህን እየው፤ ሦስተኛው ክፍል r ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱም አንድ r በውስጣቸው ይዘዋል። ያ r የፖላሩ የስፋት መጠን ራሱ ነው። በ r እና በ θ የተጻፈ ገጽ ላይ ክሮስ ፕሮዳክቱ ስፋቱን ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው dr dθ ብቻ ነው። የማታ ተማሪ በ x እና በ y ስለጻፈው ኖርማሉ ውስጥ r አልነበረም፤ ወደ ፖላር ሲቀይር ጨመረው። አንተ ያለውን ላይ ደገምክ።

ታህቶቹን ማየት ልመድ። በዚህ ጥያቄ r በትክክል አንድ ጊዜ ሲገባ ከኢንተግራሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ r፣ r³ እና r⁵ ናቸው፤ ሲሰሉ ታህታቸው 2፣ 4 እና 6 ይሆናል። አንተ r² ፣ r⁴ እና r⁶ ስላደረግካቸው 3፣ 5 እና 7 መጡ። የእነሱ ብዜት 105 ነው። በዚህ ጥያቄ ውስጥ 5 ወይም 7 ታህት ላይ ካየህ፣ r አንድም ጎድሏል አንድም ተርፏል።

ስለዚሁ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ሬዲየሱ 2 መሆኑ ተንኮል አለበት። የመሠረቱን ፍላክስ ስታሰላ rን ጨርሶ ብትረሳውም 4π ይመጣል፤ ምክንያቱም ∫₀² dr = 2፣ ∫₀² r dr ም = 2። ስለዚህ መሠረቱ ላይ ትክክለኛ ቁጥር ማግኘት ትክክል ለመሥራት ማስረጃ አይሆንም። ጥያቄ የሚያዘጋጅ ሰው ብሆን ሬዲየሱን 3 አደርገው ነበር።

ኮምፒውተር ዘመም

በእጅ ከመጨቃጨቅ በኮምፒውተር ማየት ይቀላል። ይህን በፓይተን አስኬዱት፦

```python
from math import pi, sin
n = 1000
dr, dt = 2/n, 2*pi/n
V = S = B = 0.0
for i in range(n):
    r = (i + 0.5)*dr
    for j in range(n):
        t = (j + 0.5)*dt
        w = r*dr*dt
        V += (r*r + 1)*(4 - r*r)*w
        S += (r**4*sin(2*t)**2 + 5 - r*r)*w
        B -= w
print(V/pi, S/pi, B/pi)
```

በ π ተካፍሎ፣ ሲጠጋጋ ለይዘቱ 18.6667፣ ለጉልላቱ 22.6667፣ ለመሠረቱ −4 ይሰጣል። 22.6667 − 4 = 18.6667። አለቀ።

ሰንጠረዥ

አላለቀም። ፕሮግራሙ የተነሳው የማታ ተማሪ በእጁ ካቀለለው ቀመር ነው። 4x²y² + 5 − r² ስህተት ቢሆን ኖሮ ኮምፒውተሩ ያንኑ ስህተት በአራት አሃዝ ትክክለኛነት ይደምረው ነበር። ያረጋገጥከው ድመራውን እንጂ አቀማመጡን አይደለም። አቀማመጡን መፈተን ከፈለግክ ጉልላቱን በትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ሸፍነህ፣ የእያንዳንዱን ኖርማል ከሦስቱ ነጥቦቹ አውጥተህ፣ Fን እንደተሰጠው አስገባ። ያኔ ከእጅ ሥራው ምንም አልተዋሰም።

ኮምፒውተር ዘመም

ይሁን። ሁለቱ ቁጥሮች ግን በተለያየ መንገድ መጥተው ገጥመዋል፤ ያ ራሱ ማረጋገጫ አይደለም እንዴ? ቀመሩ ስህተት ቢሆን አይገጥሙም ነበር።

የድሮ መምህር

መግጠማቸው ጠንካራ ምልክት ነው፤ ጥንካሬው ግን በመስኩ ምርጫ ላይ ይወሰናል። ከዚሁ አካል ላይ F = (x, y, z)ን ውሰዱ። ዳይቨርጀንሱ 3 ነው፤ የአካሉ ይዘት 8π ስለሆነ ኢንተግራሉ 24π ይሆናል። ጉልላቱ ላይ F·(2x, 2y, 1) = r² + 4፤ ፍላክሱም 24π። መሠረቱ ላይ z = 0 ስለሆነ ዜሮ። አሁን መሠረቱን ፈጽሞ የረሳ ተማሪ 24π = 24π ብሎ ጽፎ፣ ከሥሩ አስምሮ ያስረክባል። ሁለቱ ወገኖች ገጥመዋል፤ ገጹ ግን ክፍት ነበር። ሰማያዊ እርሳስም የገመቱት ይህን ዓይነቱን መስክ ይመስለኛል።

z + 1 የተደረገው ለዚህ ነው። ያ 1 ዳይቨርጀንሱን አይነካም፤ ዴሪቬቲቩ ዜሮ ነው። በይዘቱ በኩል ፈጽሞ አይታይም። በገጹ በኩል ግን ጉልላቱ ላይ 4π ይጨምራል፣ መሠረቱ ላይ 4π ይቀንሳል። አንዱን ገጽ የዘለለ ሰው ወዲያው ይያዛል። ለፈተና መስክ ስትመርጡ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ዜሮ ያልሆነ ፍላክስ እንዲኖር አድርጉ።

የይዘቱን ወገን ለብቻው ለመፈተን ደግሞ ቅደም ተከተሉን መቀየር ይበቃል። አካሉን በቁመቱ እየቆረጣችሁ ሂዱ። ከፍታ z ላይ ያለው ክብ የሬዲየሱ ካሬ 4 − z ነው፤ u እንበለው። በዚያ ክብ ላይ የ r² + 1 ኢንተግራል 2π(u²/4 + u/2) ነው። uን ከ 0 እስከ 4 ስትደምሩ 2π(16/3 + 4) = 56π/3። በሌላ መንገድ ተሂዶ ያው ቁጥር ከመጣ፣ የሚጠረጠረው ገጹ ነው።

ፊዚክስ ብቻ

ይህ ሁሉ ለፖሊኖሚያል ነው። የኔ ጉዳይ ሌላ ነው፤ የነጥብ ቻርጅ መስክ፣ F = (x, y, z)/ρ³፣ ρ ከመነሻው ያለው ርቀት። ሬዲየሱ 1 በሆነ ሉል ላይ ፍላክሱ 4π ነው፤ ይህ አያከራክርም። ዳይቨርጀንሱን ስታሰሉት ግን በሁሉም ቦታ ዜሮ ነው። 4π = 0። ስለዚህ ቲዎረሙ ሁልጊዜ አይሠራም ማለት ነው?

ሰንጠረዥ

«በሁሉም ቦታ» አይደለም። መነሻው ላይ መስኩ የለም፤ እዚያ በዜሮ መካፈል ነው። ቲዎረሙ መስኩ በአካሉ ውስጥ በሙሉ ለስላሳ እንዲሆን ይጠይቃል፤ አንተ ያ የማይሟላበት ቦታ ላይ ተጠቅመህበታል። መነሻውን በሬዲየስ ε በሆነ ትንሽ ሉል ቆርጠህ አውጣ። አሁን አካሉ ሁለት ገጾች አሉት፦ የውጭው 4π ይሰጣል፤ በውስጠኛው ላይ ኖርማሉ ወደ መነሻው ስለሚያመለክት −4π ይሰጣል፤ εም ምንም ያህል ቢያንስ ለውጥ የለም። ድምሩ ዜሮ፣ የይዘቱም ዜሮ። ገጠሙ።

ፊዚክስ ብቻ

እኛ ጋ ዳይቨርጀንሱ የዲራክ ዴልታ 4π እጥፍ ነው ይባልና የይዘቱ ኢንተግራል ራሱ 4π ይሆናል። ቀዳዳ ማውጣት አያስፈልግም።

የድሮ መምህር

ያ መንገድ ይሠራል፤ ነገር ግን ሌላ ቲዎረም ነው። ዴልታው 4π እንዲሆን የተደረገው ፍላክሱ 4π መሆኑ አስቀድሞ ስለታወቀ ነው። ስለዚህ ቲዎረሙን አረጋገጥኩበት ለማለት አልደፍርም።

ፊዚክስ ብቻ

በዲስትሪቢውሽን ንድፈ ሐሳብ ራሱን ችሎ ይወጣል፤ ከፍላክሱ አይዋስም።

ሰንጠረዥ

ያ ማስረጃ ውስጥ ገብተህ ብታይ ትንሹን ሉል እዚያው ታገኘዋለህ፤ ስሙ ነው የተቀየረው። ይህን ሌላ ክር ከፍተን ብንወያይበት ይሻላል፤ የማታ ተማሪን ጥያቄ ሊውጠው ነው።

የማታ ተማሪ

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ጉልላቱና መሠረቱ የሚገናኙበት ጠርዝ ስለታም ነው፤ እዚያ ኖርማል የለም። እንደ ነጥብ ቻርጁ ችግር አያመጣም?

የድሮ መምህር

አያመጣም። ጠርዙ መስመር ነው፤ ስፋት የለውም፤ ለፍላክሱ የሚያዋጣው ነገር የለም። ገጹ ከተወሰኑ ለስላሳ ቁራጮች የተገጣጠመ ከሆነ ይበቃል። በነጥብ ቻርጁ ላይ የተበላሸው ገጹ ሳይሆን መስኩ ነበር።

መልመጃ ከፈለግክ ይኸው፤ መስኩን ሳትነካ አካሉን z = 1 ላይ ቁረጠውና የላይኛውን ክፍል ብቻ ያዝ። ሬዲየሱ √3 ይሆናል፤ ሰንጠረዥ ያሉት የ 2 ተንኮልም ይጠፋል።

የማታ ተማሪ

ሠራሁት። ቁመቱ 3 − r² ስለሆነ የይዘቱ 2π ∫ (r² + 1)(3 − r²) r dr = 9π። ጉልላቱ 4.5π + 10.5π = 15π። መሠረቱ ላይ አሁን z + 1 = 2 ነው፤ ስፋቱ 3π፤ ስለዚህ −6π። 15π − 6π = 9π።

ዘገምተኛ

እኔም ይህኛውን ሞከርኩ፤ በዚህ ጊዜ rን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያስገባሁት። የይዘቱ 9π መጣ፣ ጉልላቱም 15π። ድምሩ ግን 21π ሆነብኝ። መሠረቱን በ (r cosθ, r sinθ, 1) ጽፌ ክሮስ ፕሮዳክቱን እንዳለ ወሰድኩት።

የማታ ተማሪ

ልዩነትህ 12π ነው፤ የመሠረቱ ፍላክስ እጥፍ። ያ ክሮስ ፕሮዳክት (0, 0, r) ነው፤ ወደ ላይ ነው የሚያመለክተው። አካሉ ከመሠረቱ በየት በኩል ነው ያለው?